«ሌላ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚለው መስመር እስከ የት ይደርሳል?

ሠራተኛ ከአሠሪው ጋር ተጣልቶ፣ ሽማግሌ ገብቶ ወይም ጠበቃ ተነጋግሮ በገንዘብ ሲስማማ፣ ከድርጅቱ የሚመጣለት ወረቀት ብዙውን ጊዜ በተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ «ከዚህ በኋላ በድርጅቱ ላይ ምንም ዓይነት የመብት ጥያቄ የማላነሳ መሆኔን አረጋግጣለሁ።» ገንዘቡን ለመቀበል የቸኮለ ሰው ይህን መስመር እንደ ተራ ማሳረጊያ ያልፈዋል። ሕጉ ግን በቀላሉ አያልፈውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 3312 እንደሚደነግገው፣ ተከራካሪዎች በስምምነት የጨረሱት ጉዳይ በመካከላቸው ይግባኝ እንደማይባልበት ፍርድ ይቆጠራል። ስለዚህ ምን እንደተጨረሰና ምን እንዳልተጨረሰ ለይቶ የሚጽፍ የመቀበያ ደብዳቤ ያስፈልጋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ ፋብሪካ አምስት ዓመት በንብረት ክፍል የሠራች፣ በወር 12,000 ብር የሚከፈላት ሠራተኛ አለች እንበል። ዕቃ ጎድሏል ተብላ ትሰናበታለች፤ እሷ ደግሞ ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ትላለች። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ብትረታ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተከታይ ዓመት ደግሞ የዚያ አንድ ሦስተኛ በድምሩ 28,000 ብር የሥራ ስንብት ክፍያ ታገኛለች። ወደ ሥራ ካልተመለሰች የ180 ቀን ደመወዝ፣ ማለትም 72,000 ብር ካሳ ይጨመርላታል። ድርጅቱ በበኩሉ ስንብቱ በቂ ምክንያት ነበረው ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም ወገን ሊሸነፍ ስለሚችል በ85,000 ብር ይስማማሉ። እስከዚህ ድረስ የሁለቱም ውሳኔ ምክንያታዊ ነው።

ነገር ግን ይህች ሠራተኛ ከመሰናበቷ በፊት በሥራ ላይ እጇ ተጎድቶ፣ የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ውጤት ገና አልደረሰም። ከደመወዟ በየወሩ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጥ ነበር፤ አሠሪው ጨምሮ የሚያስገባው 11 በመቶ ግን ለተወሰኑ ወራት ገቢ አልተደረገም። በድርድሩ ላይ ስለ እጇም ሆነ ስለ ጡረታው አንድም ቃል አልተነሳም። «ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚለው መስመር እንዳለ ከተፈረመ፣ ያልተነጋገሩበት ሁሉ በ85,000 ብር ውስጥ ተጠቃልሏል የሚል ክርክር ነገ ይነሳል።

ሕጉ ለእንዲህ ዓይነቱ ሠራተኛ ሁለት መከላከያ ሰጥቷል። የመጀመሪያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3310 ነው፤ መብትን መተው በጠባቡ ይተረጎማል፤ «ሁሉንም መብቴን ትቻለሁ» የሚል ቃል እንኳ የሚመለከተው ስምምነቱ የጨረሰውን ክርክር ብቻ ነው ይላል። ሁለተኛው የአዋጅ 1156 አንቀጽ 25 ነው። አሠሪና ሠራተኛ ውላቸውን በስምምነት ሲያቋርጡ ሠራተኛው በሕግ የተሰጠውን መብት ቢተው መተዉ ዋጋ የለውም፤ ስምምነቱም በጽሑፍ ካልሆነ ሠራተኛውን አያስገድድም። እነዚህ ድንጋጌዎች ጠቃሚ ቢሆኑም የሚሠሩት ክርክሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ በኋላ ነው። ዳኛው ፊት ሲቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስምምነቱ የጨረሰው ክርክር የትኛው ነው?» የሚል ይሆናል። ደብዳቤው ክርክሩን በስሙና በቀኑ ካልጠቀሰ መልሱ ለሁለቱም ወገን ክፍት ነው።

ስለዚህ ገደቡ በደብዳቤው ውስጥ ይጻፋል። ለምሳሌዋ ሠራተኛ የሚስማማው ቃል የሚከተለውን ይመስላል፦

«በ… ቀን በቁጥር … በጻፋችሁልኝ ደብዳቤ ያቀረባችሁትን የስምምነት ሐሳብ ተቀብያለሁ። ድርጅቱ የሥራ ስንብት ክፍያና ካሳን ጠቅልሎ፣ ግብር ከተቀነሰ በኋላ የሚደርሰኝ ብር 85,000 (ሰማንያ አምስት ሺህ) ይህ ስምምነት በሁለታችን ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ በ10 ቀናት ውስጥ በባንክ ሂሳቤ ያስገባል፤ የሥራ ልምድ ማስረጃም ይሰጠኛል። ክፍያው ሙሉ በሙሉ ሲደርሰኝ፣ የሥራ ውሌ በ… ቀን በመቋረጡ ምክንያት የነበረኝን የስንብት ክፍያና የካሳ ጥያቄ ትቻለሁ። ይህ ስምምነት በ… ቀን በሥራ ላይ የደረሰብኝን የእጅ ጉዳትና ገቢ ያልተደረገውን የጡረታ መዋጮ አይመለከትም። ክፍያው በተባለው ጊዜ ካልተፈጸመ ጥያቄዬን የተውኩበት ቃል ተፈጻሚ አይሆንም።»

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ተሠርቷል። የተተወው መብት በምክንያቱና በቀኑ ታጥሯል። ያልተተወው በስሙ ተጠርቷል። መብቱ የሚቀረውም ፊርማው ሲያርፍ ሳይሆን ገንዘቡ ሂሳብ ውስጥ ሲገባ ነው። «ግብር ከተቀነሰ በኋላ» የሚለው ቃልም ያለ ምክንያት አልገባም፤ እሱ ከሌለ ድርጅቱ ከ85,000 ብሩ ላይ ግብር ቆርጦ የቀረውን ቢያስገባ ስምምነቱን ፈጽሜያለሁ ማለት ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ከዚህ ቀጥሎ ነው። ድርጅቱ የላከው ሐሳብ «ምንም ጥያቄ አታነሺም» የሚል ከሆነና ሠራተኛዋ «ተቀብያለሁ፤ የእጄ ጉዳት ግን አይጨምርም» ብላ ከመለሰች፣ በሕግ ዓይን አልተቀበለችም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1694 መሠረት ከቀረበው ሐሳብ ጋር በትክክል የማይገጥም ወይም ቅድመ ሁኔታ ያለበት መልስ፣ የመጀመሪያውን ሐሳብ እንደ መጣልና አዲስ ሐሳብ እንደ ማቅረብ ይቆጠራል። ድርጅቱ ደብዳቤዋን ተቀብሎ ዝም ቢል ደግሞ ዝምታው በቁጥር 1682 መሠረት መቀበል አይደለም። ሠራተኛዋ ስምምነት አለኝ ብላ ትጠብቃለች፤ በወረቀት ላይ ግን ስምምነት የለም።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። መጀመሪያ ረቂቁን ለድርጅቱ ሰጥቶ በገደቡ ቃል ላይ መግባባት፣ ከዚያ ድርጅቱ በዚያው ቃል ሐሳቡን በማኅተም እንዲልክ ማድረግ፣ በመጨረሻም አንድ ቃል ሳይለውጡ መቀበል። ይህ ካልተቻለ ከደብዳቤው ግርጌ «ከላይ የተጻፈውን ተስማምተናል» የሚል መስመር ጨምሮ፣ ድርጅቱን ለመወከል ሥልጣን ያለው ሰው እንዲፈርምና ማኅተም እንዲያደርግ፣ ሁለት ምስክሮችም እንዲፈርሙበት ማድረግ ይገባል። በጽሑፍ መሆን አለበት የተባለ ውል ያለ ሁለት ምስክር እንደማይጸና የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1727 ይናገራል። አንዱ ቅጂ የግድ ከሠራተኛዋ ዘንድ ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የይርጋው ጊዜ እየቆጠረ ነው። በአዋጁ መሠረት ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በሦስት ወር፣ የሥራ ውል በመቋረጡ የሚነሳ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ በስድስት ወር ካልቀረበ ይታገዳል። «እየተነጋገርን ነው» ማለት ብቻውን ቆጠራውን አያቆመውም፤ ክስ ማቅረብ ወይም አሠሪው ጥያቄው ተገቢ መሆኑን በጽሑፍ በግልጽ ማመኑ ግን ያቋርጠዋል። ድርድሩ ከተጓተተ ክሱን ከፍቶ መደራደር ይሻላል። በክስ ሂደት ላይ የተደረሰ ስምምነት በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 274 እስከ 277 ባለው መሠረት በፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ ሊሰፍር ይችላል። ስምምነቱ በዚያ መንገድ ከጸደቀ በኋላ ድርጅቱ ገንዘቡን ባያስገባ፣ ሠራተኛዋ ከሥር ጀምራ መከራከር አይጠበቅባትም፤ በቀጥታ አፈጻጸም ትጠይቃለች።