አንድ ሙሉ ደቂቃ

እናቲቱ «ብርድ መታው» ብላ ነው ይዛው የመጣችው። ልጁ 14 ወሩ ነው፤ ሦስት ቀን ያስለዋል፤ ሌሊቱንም ሲያተኩሰው አድሯል። ጤና ኬላው ውስጥ ራጅ የለም፤ ላቦራቶሪም የለም። በየገጠሩ እንዲህ ያለ ልጅ የሚገጥማት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ዋና መሣሪያዋ ዓይኗና ሰዓቷ ነው።

ልጁ ባለሙያዋን ሲያይ አለቀሰ። ለቅሶ ትንፋሽን ስለሚያፈጥን አልቆጠረችም፤ እናቱ እቅፍ ውስጥ እስኪረጋጋ ጠበቀች። ከዚያ ልብሱን ገለጥ አድርጋ ሆዱን እያየች ጀመረች። ሆዱ ከፍ ብሎ ሲመለስ አንድ ትንፋሽ ነው፤ መውጣቱንና መውረዱን ለየብቻ የቆጠረ ሰው ቁጥሩን እጥፍ ያደርገዋል። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛትም አይሆንም፤ የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት ስለሚል ደቂቃው መሙላት አለበት።

46 ሆነ።

ይህ ቁጥር ያለ ዕድሜ ትርጉም የለውም። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላልሞላው ሕፃን ፈጣን የሚባለው 50 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላልሞላው ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ። ልጁ የ10 ወር ቢሆን ኖሮ በዚሁ 46 ጉንፋን ተብሎ ያለ አንቲባዮቲክ ይመለስ ነበር። በ14 ወሩ ግን የሳንባ ምች ነው። የታመመ ሳንባ የአየር ከረጢቶቹ ፈሳሽ ስለሚሞላቸው በቂ ኦክስጅን አያስገባም፤ ልጁ ጉድለቱን የሚያካክሰው ቶሎ ቶሎ በመተንፈስ ነው።

መላው መነሻ ያገኘው ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ነው። ፍራንክ ሻን የተባለ የሕፃናት ሐኪም እዚያ ያያቸውን ሕፃናት መሠረት አድርጎ፣ ትንፋሽ መቁጠር መድኃኒት የሚያሻቸውን ለመለየት እንደሚያገለግል በ1984 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሳንባ ምችን ራሳቸው እንዲያክሙ የተፈቀደው ግን ዘግይቶ፣ በ2002 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ እስከዚያ ሥራቸው ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ነበር።

ባለሙያዋ ባለ 250 ሚሊ ግራም የአሞክሲሲሊን እንክብል ሁለቱን በውኃ አሟሙታ የመጀመሪያውን መጠን እዚያው አስጠጣችው። ቀሪውን እናቱ ጠዋትና ማታ ለ5 ቀን ትሰጠዋለች፤ በሁለተኛው ቀንም መልሳ ታሳየዋለች።

ቆጠራው ፍጹም አይደለም። አስምም ወባም ትንፋሽ ያፈጥናሉ፤ ስለዚህ መድኃኒት የማያስፈልገው ልጅም አንዳንዴ ይወስዳል። የከፋው ስህተት ግን ቁጥሩን ብቻ ማመን ነው። ልጅዎ ሲያስለው ጡት ወይም ውኃ እምቢ ካለ፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንዘፈዘፈው፣ ከደነዘዘ ወይም አየር ሲስብ የጎድኑ ግርጌ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ማንም እስኪቆጥርልዎ ሳይጠብቁ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ያድርሱት።