የተማሪ ኢሜይል ሲዘጋ አብረውት የሚዘጉ ነገሮች

በካልጋሪ ደቡብ ምሥራቅ፣ ዶቨር ሰፈር ያደገ ልጅ የመጀመሪያ ኢሜይሉን ብዙውን ጊዜ ራሱ አይከፍተውም፤ ትምህርት ቤት ይሰጠዋል። በከተማው የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ቦርድ ሥር የሚማር ከሆነ አድራሻው መጨረሻው ላይ `educbe.ca` የሚል የጉግል አካውንት ነው። ኢያን ባዘልጌት ትምህርት ቤት ሲማር የያዘውን አድራሻ ፎረስት ላውን ሁለተኛ ደረጃ ይዞት ይሄዳል። መጀመሪያ የቤት ሥራ ያስረክብበታል፤ ቀጥሎ ሙዚቃ ማዳመጫውን፣ ጨዋታውን፣ የንድፍ መሥሪያውን ይከፍትበታል። በእኛ ቤቶች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ቅጽ የሚሞላው፣ ደብዳቤ የሚያነበው፣ ስልክ የሚያስተካክለው ልጅ ስለሆነ፣ የእናት ስልክ፣ የአባት የመብራት ሂሳብ፣ የታናሽ እህት የክሊኒክ ቀጠሮ ሁሉ በዚያው የተማሪ አድራሻ ይመዘገባል። 12ኛ ክፍል ሲያልቅ የሚዘጋው እንግዲህ የአንድ ልጅ የመልእክት ሳጥን ብቻ አይደለም።

አካውንቱ የተማሪው ስም ቢኖርበትም ባለቤቱ ትምህርት ቤቱ ነው። የሚከፍተው፣ የሚያግደው፣ የሚሰርዘው የተቋሙ አስተዳዳሪ ነው፤ ጉግል ወይም ማይክሮሶፍት ለተማሪው አቤቱታ ጆሮ የማይሰጡትም ለዚህ ነው። ቀድሞ ብዙ ተቋማት የተመራቂዎችን አካውንት ለዓመታት ክፍት ይተዉት ነበር፣ ማስቀመጫ ቦታው ገደብ አልነበረውምና። ጉግል ከ2022 ሐምሌ ጀምሮ ለአንድ ተቋም በጠቅላላው 100 ቴራባይት የጋራ ቦታ ብሎ ወሰነ፤ ማይክሮሶፍትም በ2024 ተመሳሳይ ገደብ አስገባ። ከዚያ ወዲህ የማይማር ሰው ፋይል ማስቀመጥ ለትምህርት ቤቱ ወጪ ሆነ፤ የመዝጊያው ቀንም እየቀረበ መጣ። ቀኑ ከተቋም ተቋም ይለያያል፤ ስለዚህ ገና ሳይመረቁ የትምህርት ቤቱን የኮምፒውተር አገልግሎት ክፍል “አካውንቴ የሚታገደው መቼ ነው? የሚሰረዘውስ?” ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሁለቱ ቀኖች የተለያዩ ናቸው፤ ልዩነታቸው ኋላ ላይ ዋጋ አለው።

ከአድራሻው ጋር የተያያዙ አገልግሎቶች አያያዛቸው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዶቹ አድራሻውን እንደ ስም ብቻ ይዘውታል፤ የይለፍ ቃሉ የራስ ነው። የተማሪ ሳጥኑ ቢዘጋም ቃሉን እስካልረሱ ድረስ መግባት ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው ቃሉ ሲረሳ ወይም አገልግሎቱ “ማን እንደሆንክ ላረጋግጥ” ብሎ በኢሜይል ኮድ ሲልክ ነው፤ ኮዱ ማንም ወደማይከፍተው ሳጥን ይሄዳል።

ሁለተኛው አያያዝ ይከፋል። መመዝገቢያው ገጽ ላይ `Sign in with Google` የሚለውን ተጭኖ የገባ ተማሪ በዚያ አገልግሎት ዘንድ ጭራሹን የይለፍ ቃል የለውም። በገባ ቁጥር አገልግሎቱ ጉግልን ይጠይቃል፣ ጉግል ደግሞ የትምህርት ቤቱን አካውንት ተመልክቶ “አዎ፣ እሱ ነው” ይላል። አካውንቱ የታገደ ዕለት መስካሪው ጠፋ ማለት ነው። በውስጡ ያለው ሥራ፣ የተከፈለበት ደንበኝነት፣ የተቀመጠው ንድፍ ሁሉ እንዳለ አለ፤ መግቢያው ብቻ የለም። ትምህርት ቤቱ በኋላ ያንኑ አድራሻ እንደ አዲስ ቢከፍትለት እንኳ ላይጠቅመው ይችላል። ጉግል ለእያንዳንዱ አካውንት ከአድራሻው የተለየ መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ በቁጥሩ የሚለዩ አገልግሎቶች አዲሱን አካውንት ሌላ ሰው አድርገው ያዩታል።

መፍትሔው ሳጥኑ ክፍት ሳለ የሚሠራ ነው፤ አስቸጋሪም አይደለም። በተማሪው አካውንት ገብቶ `myaccount.google.com/connections` የሚለውን ገጽ መክፈት ነው፤ በጉግል በኩል የተገባባቸው አገልግሎቶች ተዘርዝረው ይታያሉ። ከዚያ በየአገልግሎቱ የመግቢያ ገጽ ላይ “የይለፍ ቃል ረሳሁ” የሚለውን ተጭኖ የተማሪ አድራሻውን ማስገባት ነው። ቃል ኖሮት ባያውቅም ብዙዎቹ አገልግሎቶች አዲስ ቃል ማውጫ ሊንክ ይልካሉ። ቃሉ ከወጣ በኋላ ወደ ውስጥ ገብቶ አድራሻውን ወደ ግል ጂሜይል መቀየር፣ ከዚያም ወጥቶ በአዲሱ አድራሻ ተመልሶ መግባት። ተመልሶ ሳይገቡ “ተቀየረ” ማለት አይቻልም፤ ብዙ አገልግሎት ወደ አዲሱ አድራሻ የላከው ማረጋገጫ ካልተከፈተ አሮጌውን እንደያዘ ይቀራል። አንድ እንቅፋት አለ። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የተማሪ ሳጥን ከውጭ መልእክት እንዳይቀበል ያደርጋሉ። ሊንኩ ካልመጣ ጥፋቱ የአገልግሎቱ ላይሆን ይችላል፤ በገባበት ስልክ ላይ ሳይወጡ በቅንብሩ ውስጥ አድራሻውን ለመቀየር መሞከር ነው።

“ሳይወጡ” የሚለውን አጥብቄ ብናገረው ደስ ይለኛል። ዶቨር የሚኖሩ አንዲት እናት የአይፎን ስልካቸው የተከፈተው በልጃቸው የተማሪ አድራሻ ነበር። ልጅቷ ሰኔ ላይ ተመረቀች፣ በጋው አለፈ፣ አካውንቷ ተዘጋ፤ ማንም አላስተዋለም። በመከር አንድ ቀን እናትየው መተግበሪያ ሊጭኑ ሲሉ ስልኩ የአፕል የይለፍ ቃል ጠየቃቸው። ቃሉን የሚያስታውስ የለም፤ የተማሪ ሳጥኑም የለም። የልጅቷ የመጀመሪያ ሐሳብ ከአካውንቱ ወጥታ አዲስ መክፈት ነበር። ያን ብታደርግ ኖሮ የእናቷ ፎቶዎችና የስልክ ቁጥሮች ያሉበት አካውንት ከእጃቸው ሊወጣ ይችል ነበር። ይልቁንም ስልኩ አሁንም ገብቶ ስለነበር ከቅንብሮቹ ላይ የእናቷን ስም፣ ከዚያ `Sign-In & Security`ን፣ ከዚያ የይለፍ ቃል መቀየሪያውን ተጫነች። ስልኩ አሮጌውን ቃል አልጠየቃትም፤ የጠየቃት ስክሪኑ የሚከፈትበትን ቁጥር ነው። አዲስ ቃል ከወጣ በኋላ እዚያው ገጽ ላይ ኢሜይሉን በእናቷ ስም በከፈተችው ጂሜይል ተካች፤ የማረጋገጫው ኮድ የመጣው ወደ አዲሱ አድራሻ ነው። “እማዬ፣ ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ” ብላ የጀመረችው ነገር ሻይ ሳይበርድ አለቀ። ያዳናቸው ስልኩ ከአካውንቱ አለመውጣቱና የታመነው የስልክ ቁጥር የእናትየው መሆኑ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነገር የይለፍ ቃሎቹ ራሳቸው የት እንደተቀመጡ ነው። ተማሪው ክሮምን በትምህርት ቤቱ አካውንት ከፍቶ ለዓመታት “ቃሉን አስቀምጥ” ሲለው እሺ ካለ፣ የባንኩም የመደብሩም ቃል ያለው በዚያ አካውንት ውስጥ ነው። ከመዘጋቱ በፊት የክሮምን የይለፍ ቃል ማስተዳደሪያ ከፍቶ ከቅንብሩ ውስጥ ወደ ፋይል ማውጣት፣ በግል አካውንት መልሶ ማስገባት፣ ከዚያ ፋይሉን ማጥፋት ያስፈልጋል። ፋይሉ ቃሎቹን ያለ ምንም ሽፋን ይዟል፤ በቤተ መጻሕፍት ወይም በሰው ኮምፒውተር ላይ ፈጽሞ አይሠራም።

ደብዳቤና ፋይል ማዛወር ከዚህ ሁሉ ይቀላል። በትምህርት ቤቱ አካውንት ገብቶ `takeout.google.com/transfer` ሲከፈት ጉግል የሚዛወርበትን የግል ጂሜይል ይጠይቃል፤ ወደዚያ አድራሻ ኮድ ይልካል፤ ኮዱ ከገባ በኋላ ከድራይቭና ከጂሜይል የሚፈለገው ተመርጦ ቅጂው ይጀምራል። እስከ አንድ ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል በመጨረሻው ቀን የሚጀመር ነገር አይደለም። ገጹ ካልተከፈተ አስተዳዳሪው አግዶታል ማለት ነው፤ ያኔ ዋና ዋናውን በእጅ ማውረድ ነው። የግል ጂሜይል ነጻ ቦታው 15 ጊጋባይት መሆኑንም ማስታወስ ይገባል፤ በቪዲዮ የተሞላ ድራይቭ ላይገባበት ይችላል።

ቀኑ ካለፈስ? መጀመሪያ መታወቅ ያለበት አካውንቱ ታግዷል ወይስ ተሰርዟል የሚለው ነው። ከግል አድራሻ ወደ ተማሪው አድራሻ አንድ መልእክት ልኮ ተመልሶ የሚመጣውን ማስታወቂያ ማንበብ ፍንጭ ይሰጣል። ጉግል ላይ `550 5.2.1` ካለ አካውንቱ አለ፣ ግን ታግዷል፤ `550 5.1.1` ካለ እንዲህ ያለ አካውንት የለም ማለቱ ነው። የታገደን አስተዳዳሪው ለአጭር ጊዜ ሊከፍት ይችላል። የተሰረዘንም በጉግል ሥርዓት ከተሰረዘበት ቀን አንስቶ እስከ 20 ቀን፣ በማይክሮሶፍት እስከ 30 ቀን መመለስ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ አስተዳዳሪውም ቢፈልግ አይችልም። ስለዚህ ስልክ የሚደወለው በዚያው ሳምንት ነው፤ የሚጠየቀውም “አካውንቴን መልሱልኝ” ተብሎ ሳይሆን “አድራሻዬን እስክቀይር ለጥቂት ቀን ክፈቱልኝ” ተብሎ ነው። ለሁለተኛው እሺ ማለት ይቀላቸዋል።

ቅድሚያ የምሰጠው ግን ለመንግሥት ነገሮች ነው። የአልበርታ የሁለተኛ ደረጃ ውጤት የሚገኘው ከትምህርት ቤቱ ኢሜይል ሳይሆን ከክፍለ ሀገሩ በ`myPass` በኩል ነው፤ ተማሪ ቤት ቢዘጋም ውጤቱ አይጠፋም። የሚገባበት ግን በአልበርታ የመንግሥት አካውንት ስለሆነ፣ ያ አካውንት በተማሪ አድራሻ ከተከፈተ ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ውጤት ሲፈለግ ችግር ይሆናል። የፌዴራል የተማሪ ብድር ያለበት ሰው ደግሞ ትምህርት ካቆመ ከ6 ወር በኋላ መክፈል ይጀምራል፤ ማስታወሻው የሚመጣው ባስመዘገበው አድራሻ ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ መጥተው ኮሌጅ የሚጨርሱት ናቸው። ከትምህርት በኋላ የሥራ ፈቃድ የሚያመለክቱት መጨረሳቸው ከተረጋገጠ በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ የኮሌጁ ሳጥን የሚዘጋውም በዚሁ ሰሞን ሊሆን ይችላል። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ተጨማሪ ሰነድ ሲፈልግ “በአካውንትህ ደብዳቤ አለ” የሚል ማሳሰቢያ በኢሜይል ይልካል፣ ለመልሱም ቀን ይቆርጣል። አድራሻው የኮሌጁ ከሆነ ማሳሰቢያው አይደርስም፤ ቀኑ ግን ይቆጠራል። ስለዚህ ማመልከቻው ሲገባ ከመጀመሪያው የግል አድራሻ ማስመዝገብ፣ ገብቶ ከሆነ ደግሞ በመሥሪያ ቤቱ የድረ ገጽ ቅጽ አድራሻ መቀየሩን ማሳወቅ፣ እስኪረጋገጥም አካውንቱን በየጥቂት ቀኑ ራስ ገብቶ ማየት ነው።

አዲሱ የግል ጂሜይልም ጠባቂ ይፈልጋል። መመለሻ የሚሆን የራስ ስልክ ቁጥር ይመዝገብበት፤ ቁጥሩ ሲቀየርም እዚያው ይቀየር። ጉግል ለ2 ዓመት ማንም ያልገባበትን የግል አካውንት ሊሰርዝ ይችላል፤ የትምህርት ቤቱን ፋይል ማስቀመጫ ብቻ ብሎ ከፍቶ የረሳው ሰው ያዛወረውን ሁሉ በዚያው ሊያጣ ይችላል።