ይህን ብጫን ምን ይመጣል?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት እየሄደ ሶፋና ምንጣፍ የሚያጥብ አነስተኛ ድርጅት አለ እንበል። ድረ ገጹ ላይ ያማሩ ፎቶዎች አሉ፤ ከሥራቸው ሦስት ቁልፎች ተደርድረዋል፦ «ተጨማሪ ያንብቡ»፣ «ያግኙን»፣ «አስገባ»። ሦስቱም እኩል ትልቅ፣ ሦስቱም ሰማያዊ ናቸው። ሶፋዋ ላይ ቡና የፈሰሰባት ሴት የትኛውን ትጫን? «ያግኙን» ስልክ ይደውላል፣ ካርታ ይከፍታል ወይስ የሚሞላ ቅጽ ያመጣል? ሳይጫኑት አይታወቅም። ብዙ ሰው ደግሞ ያላወቀውን ከመጫን ገጹን ዘግቶ መውጣት ይቀለዋል።

ባለቤቶቹ እንዲህ ሲባሉ ብዙ ጊዜ «አሁኑኑ ይዘዙ!» የሚል ትልቅ ቁልፍ ይለጥፋሉ። ይህም አይሠራም። ሴትዮዋ መጀመሪያ ማወቅ የምትፈልገው ዋጋውን ነው፤ ዋጋው ደግሞ እንደ ሶፋው መጠን፣ እንደ ጨርቁና እንደ እድፉ ይለያያል። ዋጋውን ያላወቀ ሰው «ይዘዙ» ሲባል ይሸሻል። ስለዚህ ቁልፉ ላይ ምን እንደሚጻፍ ከመወሰን በፊት ደንበኛው አሁን የቱ ጋ እንደቆመ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ድርጅት ትክክለኛው ቀጣይ እርምጃ «ፎቶ ልከው ዋጋ ይጠይቁ» የሚለው ነው። ሲጫኑት የድርጅቱን ቴሌግራም ይከፍታል። ከቁልፉ ሥር በትንሽ ጽሑፍ እንዲህ ይባላል፦ «የሶፋውን ፎቶና ሰፈርዎን ይላኩልን። በሥራ ሰዓት ከሆነ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ዋጋውን እንነግርዎታለን። ዋጋ ስለጠየቁ ብቻ የማዘዝ ግዴታ የለብዎትም።»

ከሁሉ በላይ የሚሠራው ያ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሰውን ከመጫን የሚያግደው አብዛኛውን ጊዜ «እምቢ ማለት ቢያቅተኝስ» የሚለው ስጋት ነውና። የአንድ ሰዓቱን ቃል ግን መጠበቅ የማይቻል ከሆነ «በዚያው ቀን» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ሁለተኛው ቁልፍ «ይደውሉ» ይሁን፤ ቴሌግራም የሌለውም አለ፣ መጻፍ የሚሰለቸውም አለ። ግን ቀለም የተሞላው አንዱ ቁልፍ ብቻ ሲሆን ይህኛው ዙሪያው ተሰምሮ ውስጡ ባዶ ይቀራል። የቀሩት ሁሉ ተራ ሊንክ ይሁኑ።

የአማርኛ ቁልፍ የራሱ ጣጣ አለው። በቋንቋችን ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ለሶፋና ለምንጣፍ እጥበት አመቺ ቀን ይምረጡ» ብለን ብንጽፍ ጠባብ የስልክ ስክሪን ላይ ጽሑፉ ሊቆረጥና «ለሶፋና ለምንጣፍ እጥ...» ሆኖ ሊቀር ይችላል። የሚቆረጠው ደግሞ ዋናው ነገር፣ ግሡ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ይበቃል፦ «ቀን ይምረጡ»። ሌላው ጣጣ «አስገባ»፣ «ላክ» የሚሉት ቃላት ለወንድ ብቻ የሚናገሩ መሆናቸው ነው። ሶፋ የምታሳጥበዋን እናት አንተ ብሎ ማዘዝ ነውር ነው፤ «ይላኩ» ብንል ግን አክብሮቱም ተጠበቀ፣ የጾታውም ጉዳይ ተፈታ።

የስልኩ ቁልፍ ሲጫኑት ቁጥሩን መደወያው ላይ ማምጣት አለበት። ድረ ገጹን ለሚሠራው ባለሙያ የሚሰጠው መስመር ይህ ነው፦

```html
<a href="tel:+2519XXXXXXXX">ይደውሉ</a>
```

ቁጥሩ በ09 ሳይሆን በ+251 ይጀምር፤ ዜሮዋ ትወጣለች። ዋሽንግተን ተቀምጣ ለእናቷ ቤት እጥበት የምታዝ ልጅ በ09 ብትሞክር አይገባላትም። በኮምፒውተር የሚያይ ሰው ቁልፉን ተጭኖ መደወል ላይችል ስለሚችል ቁጥሩም በጎን ተጽፎ ይታይ፤ ስልክ የሚነሳበት ሰዓትም እንዲሁ።

በቴሌግራም ፈንታ ቅጽ የሚጠቀም ድርጅት ደግሞ ከተጫነ በኋላ ስለሚሆነው ያስብ። «ይላኩ» ተጭኖ ስክሪኑ ላይ ምንም ካልተለወጠ ደንበኛው ደግሞ ይጫናል፤ ጠዋት ላይ ከአንድ ቤት ሦስት ተመሳሳይ ጥያቄ ሲገኝ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። እንደተጫነ ቁልፉ «እየተላከ ነው» ብሎ ይቆለፍ፤ ከዚያም «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ ዛሬ ከ11 ሰዓት በፊት እንደውልልዎታለን» የሚል ይምጣ። «እናመሰግናለን» ብቻውን ምንም አይናገርም።

መፈተኛው ቀላል ነው። ገጹን አይቶ ለማያውቅ ጎረቤት ስልኩን ሰጥቶ፣ ሳያስጫኑ፣ «ይህን ቢጫኑት ምን የሚመጣ ይመስልዎታል?» ብሎ መጠየቅ ነው። «ፎቶ እልክና ዋጋ ይነግሩኛል» ካለ ቁልፉ ሠርቷል። «እንጃ፣ ምናልባት...» ብሎ ከጀመረ ግን ቀለሙን ትተው ጽሑፉን ይቀይሩት።