ርዕሱ ያለውን ምስሉ አይድገመው

ዩቲዩብ ላይ አንድ ቪዲዮ ከመከፈቱ በፊት ተመልካቹ የሚያየው ሁለት ነገር ነው፤ ተምኔል የምንለውን የሽፋን ምስልና ከሥሩ የተጻፈውን ርዕስ። በብዙ የአማርኛ ቻናሎች ምስሉ ላይ በትልልቅ ፊደል የሚለጠፈው ጽሑፍ የዚያው ርዕስ ግልባጭ ነው። ርዕሱ «የዶሮ ወጥ አሰራር» ካለ ምስሉም «የዶሮ ወጥ አሰራር» ይላል። ድስቱም ዶሮውም በምስሉ ላይ ስለሚታዩ አንዱ መልእክት ሦስት ጊዜ ተነገረ ማለት ነው፤ ተመልካቹ ግን ቪዲዮውን እንዲከፍት የሚያደርገው አዲስ ነገር አላገኘም።

ርዕስ፣ ምስልና የምስል ላይ ጽሑፍ የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ርዕሱ ቪዲዮው ስለምን እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። ሰዎች ፈልገው የሚያገኙት በእሱ ነውና የሚፈለገውን ነገር ስም መያዝ አለበት። ምስሉ ነገሩን ወይም ውጤቱን ያሳያል። ጽሑፉ የሚቀረው ሥራ ሁለቱ ያልተናገሩትን አንድ ነገር መናገር ነው፤ ምክንያቱን፣ ያልተጠበቀውን፣ ወይም ሰው ሁሉ የሚሳሳትበትን ቦታ።

አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። አንዲት ባለሙያ ስለ እንጀራ ቪዲዮ ሠራች እንበል። ርዕሷ «ዓይን ያለው የጤፍ እንጀራ አሰራር በኤሌክትሪክ ምጣድ» ነው። ይህ ጥሩ ርዕስ ነው፤ እንጀራ፣ ጤፍ፣ ኤሌክትሪክ ምጣድ ብሎ የሚፈልግ ሰው ያገኘዋል። ምስሉ ላይ ደግሞ ሁለት እንጀራ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ አንዱ ዓይን በዓይን የሆነ፣ ሌላው ድፍን ያለ። ታዲያ ምን ይጻፍበት?

መጀመሪያ የሚመጣልን «ዓይን ያለው እንጀራ» ነው። ይህን ርዕሱም ብሎታል፣ ምስሉም አሳይቶታል። ቀጥሎ የሚመጣልን «ጉድ ነው!» ወይም «እንዳያመልጣችሁ» ነው። እነዚህ ርዕሱን አይደግሙም፤ ግን በማንኛውም ቪዲዮ ላይ ሊለጠፉ ስለሚችሉ ስለዚህኛው ቪዲዮ ምንም አይናገሩም። አይደጋግም ማለት ይሟላል ማለት አይደለም።

የሚያሟላውን ጽሑፍ ለማግኘት ከርዕሱ ወጥቶ ወደ ቪዲዮው ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ባለሙያዋ በቪዲዮው የምታስረዳው ዋና ነገር ይህ ነው፦ እንጀራዬ ዓይን አላወጣ ያለው ሰው በአብዛኛው ምጣዱን ይከሳል፤ እሷ ያሳየችው ድፍን እንጀራ ግን የወጣው ከዚያው ከደህናው ምጣድ ነው። ልዩነቱ አብሲት ነበር። ከቦካው ሊጥ ጥቂት ተቀንሶ በፈላ ውኃ ይበስላል፣ ቀዝቀዝ ሲል ተመልሶ ከሊጡ ጋር ይቀላቀላል፤ ያኛው ሊጥ ይህ ሳይደረግለት ተጋገረ። እንግዲህ ጽሑፉ ተገኘ፦ «ጥፋቱ የምጣዱ አይደለም»።

አሁን ሦስቱ ሥራቸውን ተከፋፈሉ። ርዕሱ ነገሩን ነገረን፣ ምስሉ ልዩነቱን አሳየን፣ ጽሑፉ ደግሞ ብዙ ሰው በልቡ የያዘውን ግምት ነክቶ «ታዲያ የምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ አስነሣ። መልሱ አልተነገረም። «አብሲት ጣሉበት» ተብሎ ምስሉ ላይ ቢጻፍ ኖሮ ዘዴውን የሚያውቀው ተመልካች ቪዲዮውን መክፈት አያስፈልገውም ነበር። በሌላ በኩል ጥያቄው ባዶ አይደለም፤ መልሱ ቪዲዮው ውስጥ አለ፣ ያውም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሊነገር ይችላል።

በዚህ ሥራ አማርኛ ትልቅ አቅም አለው። አንድ ግሥ ብቻውን አድራጊውን፣ ተደራጊውንና አሉታውን ይሸከማል። «አልነሣልኝም» የሚለው አንድ ቃል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የማን ችግር እንደሆነም ይናገራል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቃል ብዙ ሊሸከም ይችላል። ይኸው ጥቅጥቅ ያለ አጻጻፍ ግን አደጋም አለው፤ ፊደላችን በትንንሽ ቅጥያዎች ይለያያል። «አትጣሉ» እና «አትጣሊ» የሚለዩት የመጨረሻው ፊደል ቅጥያ ከወገቡ ወይም ከእግሩ ላይ በመሆኑ ነው። ሰ እና ሸ፣ ደ እና ጀ የሚለዩትም ከራሳቸው ላይ ባለች ምልክት ነው። ፊደሉ ላይ ወፍራም ጥቁር ጠርዝ ሲደረግ እነዚህ ምልክቶች ይዋጣሉ፤ ጽሑፉ በኮምፒውተር ላይ ደምቆ እየታየ በስልክ ላይ የማይነበብ ይሆናል። መፍትሔው ቃል መቀነስ፣ ፊደሉን ማተለቅና ጠርዙን ማሳሳት ነው። ምስሉ በትልቅ መጠን ቢሠራም ተመልካቹ በስልኩ የሚያየው ከዚያ እጅግ አንሶ ነው፤ ስለዚህ ምስሉን በስልክ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያህል አሳንሶ ማንበብ ይገባል። የታችኛው ቀኝ ማዕዘን ላይ የቪዲዮው ርዝመት ስለሚሰፍር እዚያ ቃል ማስቀመጥ ቃሉን መሸፈን ነው።

ማሟላት ሲባል ግን ወሳኙን መረጃ ከርዕሱ አውጥቶ ምስሉ ላይ መደበቅ ማለት አይደለም። ማየት የተሳናቸው ሰዎች ስልካቸው የሚያነብላቸው ርዕሱን ነው፤ በምስሉ ውስጥ የተሳለውን ፊደል በተለምዶ አያነብላቸውም። ርዕሱ «ይህን ሳታዩ እንዳትጋግሩ» ብቻ ሆኖ እንጀራ የሚለው ቃል ምስሉ ላይ ቢቀር፣ እነሱም በፍለጋ የሚመጣውም ሰው ቪዲዮው ስለምን እንደሆነ አያውቁም። ርዕሱ ለብቻው መቆም አለበት፤ ጽሑፉ ግን ርዕሱን ተደግፎ ቢቆም ችግር የለውም። ድግግሞሽ ተገቢ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ተከታታይ ትምህርት ከሆነ «ክፍል 3» የሚለው በሁለቱም ቦታ ቢኖር ተመልካቹ የሚፈልገውን በቶሎ ይለያል። ምስሉ ራሱ ታሪኩን ጨርሶ ከተናገረ ደግሞ ምንም አለመጻፍ ይሻላል።

የተመረጠው ጽሑፍ መሥራቱን በዩቲዩብ ስቱዲዮ ማየት ይቻላል። ስቱዲዮው ለአንድ ቪዲዮ እስከ ሦስት ተምኔል ድረስ አወዳድሮ የሚያሳይ መሣሪያ አለው። ባለሙያችን አንዱን «ዓይን ያለው እንጀራ»፣ ሁለተኛውን «ጥፋቱ የምጣዱ አይደለም» ብላ፣ ሦስተኛውን ያለ ጽሑፍ ብታስገባ፣ ፎቶውንና ርዕሱን ሳትነካ፣ ልዩነቱ ከጽሑፉ የመጣ መሆኑን ታውቃለች። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከቀያየረች ግን የትኛው እንደሠራ መለየት አትችልም። መሣሪያው አሸናፊውን የሚመርጠው በስንት ሰው እንደተከፈተ ሳይሆን ባስገኘው የመታየት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ሰው አታሎ የሚያስገባ ጽሑፍ እዚህ አይረዳም። ተመልካቹ ጥቂት በሆነ ቻናል ላይ ግልጽ አሸናፊ ላይወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚሻለው ለቪዲዮው ባዳ የሆነ ሰው ምስሉን አሳይቶ «ይህ ቪዲዮ ምን የሚነግረን ይመስልሃል?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ሌላው መለኪያ የመጀመሪያዎቹ 30 ሴኮንዶች ናቸው። ብዙ ሰው ከፍቶ ወዲያው ከወጣ፣ ጽሑፉ የገባውን ቃል የቪዲዮው መግቢያ አላነሣውም ማለት ነው። «ጥፋቱ የምጣዱ አይደለም» ብሎ የገባው ሰው ረጅም ሰላምታና የሰብስክራይብ ልመና ከጠበቀው ይሄዳል። ባለሙያዋ ድፍኑን እንጀራ አንሥታ «ይህና ያኛው ከአንድ ምጣድ ነው የወጡት» ብላ ብትጀምር ግን ምስሉ ላይ የተነበበው ሐሳብ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ጽሑፉን ቪዲዮው ከተቀረጸ በኋላ ከመፈለግ ይልቅ ከቀረጻው በፊት ጽፎ መያዝ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ የመክፈቻውን ዓረፍተ ነገር ከእሱ ጋር አስማምቶ ለመናገር ያስችላል።