625 ሲፈታ፦ ኦርጅናሉና ጀነሪኩ መድኃኒት እንዴት ይወዳደራሉ?

አንዲት እናት «ኦግመንቲን 625 ሚሊግራም፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን» የሚል የሐኪም ማዘዣ ይዛ ፋርማሲ ገባች እንበል። ፋርማሲስቱ ሦስት ፓኬት አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ይደረድርላታል። አንደኛው ኦግመንቲን ራሱ ነው፤ ሁለቱ ሌላ ስም የተጻፈባቸው፣ ዋጋቸውም ከእሱ በብዙ የሚያንስ ናቸው። እሷም ብዙዎቻችን የምንጠይቀውን ትጠይቃለች፦ «የየት አገር ነው?»

ጥያቄው የሚገባ ነው፤ ለልጇም ለራሷም ስትል የማይሆን ነገር መግዛት አትፈልግም። ነገር ግን የአገሩ ስም ክኒኑ ውስጥ ምን እንዳለ አይነግራትም፤ ምን ያህል እንዳለና ሕክምናው እስኪያልቅ ስንት ብር እንደሚያስወጣትም አይነግራትም። ይህን የሚነግራት ከትልቁ የንግድ ስም ሥር በትንንሽ ፊደል የሰፈረው መስመር ነው። በሦስቱም ፓኬት ላይ ያንን መስመር ብታነብ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ታገኛለች፦ አሞክሲሲሊን 500 ሚሊግራም፣ ክላቩላኒክ አሲድ 125 ሚሊግራም።

625 የሚባለው ቁጥር የእነዚህ የሁለቱ ድምር ነው። አሞክሲሲሊን ከፔኒሲሊን ወገን የሆነ አንቲባዮቲክ ሲሆን ባክቴሪያውን የሚገድለው እሱ ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግን እሱን የሚሰባብር ኢንዛይም ያመነጫሉ። ክላቩላኒክ አሲድ በራሱ ባክቴሪያ የመግደል አቅሙ ደካማ ነው፤ ሥራው ያንን ኢንዛይም ይዞ ማሰናከልና ለአሞክሲሲሊኑ መንገድ መክፈት ነው። ጥምረቱን እ.ኤ.አ. በ1981 በእንግሊዝ ኦግመንቲን ብሎ ለገበያ ያቀረበው ቢቻም የተባለው ኩባንያ ነው፤ ዛሬ የንግድ ስሙ በግላክሶስሚዝክላይን እጅ ይገኛል። ለፈጠራው የተሰጠው የባለቤትነት መብት ጊዜው ካበቃ ቆይቷል። ስለዚህ ሌሎች አምራቾች ያንኑ ጥምረት በየራሳቸው ስም ይሠራሉ። የምርምሩን ወጪ ስላልተሸከሙና እርስ በርስም ስለሚወዳደሩ ዋጋቸው ይወርዳል። ጀነሪክ የምንለው ይህንን ነው።

ሁለቱን ንጥረ ነገሮች ነጥሎ ማንበብ ለምን ያስፈልጋል? ድምሩ ብቻውን ስለሚያሳስት ነው። ኦግመንቲን 375 የሚባል ክኒንም አለ፤ በውስጡ ያለው 250 አሞክሲሲሊንና 125 ክላቩላኒክ አሲድ ነው። 625 ያጣ ሰው «ሁለት 375 ልውሰድና ይካካስ» ሊል ይችላል። አሞክሲሲሊኑ በእርግጥ 500 ይሞላል፤ ክላቩላኒክ አሲዱ ግን 250 ይሆናል፣ ማለትም እጥፍ። የዚህ መድኃኒት ተቅማጥ በአብዛኛው የሚመጣው ደግሞ ከክላቩላኒክ አሲዱ ነው። በተቃራኒው፣ ርካሽ ነው ብሎ አሞክሲሲሊን 500 ብቻውን የገዛ ሰው ከጥምረቱ ግማሹን ትቶ ነው የሄደው። ይህ ጀነሪክ መምረጥ ሳይሆን መድኃኒት መቀየር ነው።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ብልቃጥም እዚህ ላይ ያደናግራል። እዚያ የሚጻፈው ድምሩ ሳይሆን ሁለቱ ቁጥሮች ለየብቻ ናቸው። ስለዚህ «500/125» የሚለው የእኛው 625 ነው፤ «875/125» የሚለው ደግሞ እኛ ዘንድ 1 ግራም ተብሎ የሚሸጠው ነው። በሕፃናት ሽሮፕም እንዲሁ ነው፦ 457 የሚለው በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 400 አሞክሲሲሊንና 57 ክላቩላኒክ አሲድ አለ ማለት ነው፤ 228 የሚለው የዚያ ግማሽ ነው። ሁለቱም ብልቃጦች አንድ መጠን ያለው ፈሳሽ ሊይዙ ይችላሉ፤ ዋጋቸውን ብቻ አይቶ ርካሹን ያነሳ ወላጅ ግን በዚያው ማንኪያ ግማሽ መድኃኒት ይሰጣል።

የንጥረ ነገሩን ስም ማወቅ ከገንዘብ በላይ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ይህን ጥምረት በየትኛውም ስም ቢሸጥ መውሰድ የለበትም። ብዙዎቹ የንግድ ስሞች ፔኒሲሊንንም አሞክሲሲሊንንም አያስታውሱም። በፓኬቱ ላይ አለርጂውን የሚያስጠነቅቀው ያ የትንንሽ ፊደል መስመር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንግባ። የሚከተሉት ዋጋዎች ለስሌቱ ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ እውነተኛው ዋጋ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ይለያያል። ኦግመንቲን 625 ባለ 14 ክኒን ፓኬት 1,260 ብር ነው እንበል። የመጀመሪያው ጀነሪክ ባለ 15 ክኒን ፓኬት 525 ብር፣ ሁለተኛው ባለ 10 ክኒን ፓኬት 400 ብር ነው። ፓኬቶቹን ብቻ ያየ ሰው የ400 ብሩን ያነሳል። ለክኒን ሲካፈል ግን ኦግመንቲን 90 ብር፣ የመጀመሪያው ጀነሪክ 35 ብር፣ ሁለተኛው 40 ብር ይመጣል። የፓኬት ዋጋው ያነሰው በክኒን ውድ ሆኖ ተገኘ።

በክኒን ማካፈል ግን መጨረሻው አይደለም። የታዘዘው በቀን ሦስት ጊዜ ለሰባት ቀን ስለሆነ 21 ክኒን ያስፈልጋል። ኦግመንቲኑ 1,890 ብር፣ ባለ 35 ብሩ ጀነሪክ 735 ብር ይሆናል። ፋርማሲው ፓኬት ከፍቶ በስትሪፕ የማይሸጥ ከሆነ ግን ለ21 ክኒን ሁለት ፓኬት፣ 1,050 ብር ትከፍላለች፤ ዘጠኝ ክኒን ደግሞ ትርፍ ይቀርባታል። ስለዚህ ሒሳቡን ከመዝጋት በፊት «ፓኬቱን ትከፍቱልኛላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

እዚያው መደርደሪያ ላይ ያው ጀነሪክ ባለ 1 ግራሙ፣ 14 ክኒን በ700 ብር ይገኛል እንበል። አንዱ ክኒን 50 ብር ስለሆነ ከ35 ብሩ ይወደዳል። ነገር ግን 1 ግራሙ የሚወሰደው በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ ለሰባት ቀን 14 ክኒን ይበቃል፣ ጠቅላላው 700 ብር ነው። በክኒን የተወደደው ሕክምናው ሲጠናቀቅ ረከሰ። በቀን የሚገባው መጠን ግን አንድ አይደለም፦ በ625 ሦስት ጊዜ 1,500 ሚሊግራም አሞክሲሲሊንና 375 ክላቩላኒክ አሲድ፣ በ1 ግራም ሁለት ጊዜ 1,750 እና 250 ነው። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው መዞር የሐኪሙ ውሳኔ ነው። በሽተኛው ማድረግ የሚችለው መጠየቅ ነው፤ ማዘዣው ሲጻፍ «ዶክተር፣ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰደው ይሆንልኛል?» ማለት ምንም ነውር የለበትም።

ታዲያ ባለ 35 ብሩ በእርግጥ የባለ 90 ብሩን ሥራ ይሠራል? ጽሑፉ አንድ መሆኑ ብቻ ዋስትና አይሆንም። ለዚህ ነው ጀነሪክ አምራቾች የአቻነት ጥናት የሚጠየቁት። ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች በአንድ ወቅት ኦርጅናሉን፣ በሌላ ጊዜ ጀነሪኩን ይወስዳሉ። በየሰዓቱ ደማቸው እየተቀዳ መድኃኒቱ ምን ያህል ከፍ እንዳለና በጠቅላላው ምን ያህል ወደ ደም እንደገባ ይለካል። የሁለቱ ንጽጽር፣ የስሌቱ የግምት ክልል ጭምር፣ ከ80 እስከ 125 በመቶ መካከል መሆን አለበት። ይህን ይዘው «ጀነሪክ ሃያ በመቶ ይጎድለዋል» የሚሉ አሉ፤ ስህተት ነው። ቁጥሩ በክኒኑ ውስጥ ያለውን መድኃኒት አይመለከትም። የግምት ክልሉ በሙሉ በዚያ ገደብ ውስጥ እንዲያርፍ ደግሞ አማካዩ ራሱ ለመቶ በጣም መቅረብ ይኖርበታል።

ጥናቱ በትክክለኛው መጠን ካልተደረገ ግን ሊያሳስት ይችላል። በአሜሪካ ቡፕሮፒዮን የተባለው የድብርት መድኃኒት ቀስ እያለ የሚለቀቅ ባለ 300 ሚሊግራም ጀነሪክ፣ በ150 ሚሊግራሙ ጥናት ተመሥርቶ ነበር የተፈቀደው። በሽተኞች «አልሠራልንም» እያሉ አመለከቱ። የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ራሱ 300ውን አስፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2012 አቻ አለመሆኑን አስታወቀ፤ ምርቱም ከገበያ ወጣ። ስለዚህ ከስሙ ጎን «ኤክስአር»፣ «ኤስአር» ወይም «ሪታርድ» የሚል ካለ ሚሊግራሙ መመሳሰሉ ብቻ አይበቃም፤ አለቃቀቁም አንድ መሆን አለበት። እንደ ዋርፋሪን፣ ሌቮታይሮክሲንና ፌኒቶይን ባሉት፣ ጥቂት ልዩነት ብዙ በሚያመጣባቸው መድኃኒቶች ደግሞ ከአንድ አምራች ወደ ሌላው ሲታለፍ ለሐኪሙ መንገርና ምርመራውን መድገም ያስፈልጋል። ተራው 625 ከእነዚህ ወገን አይደለም።

የ625 ትልቁ ፈተና እርጥበት ነው። ክላቩላኒክ አሲድ ከአየር ላይ እርጥበት አጥብቆ ይስባል፤ ሲርስም ይበላሻል። ጥሩ አምራች ክኒኑን በወፍራም የአሉሚኒየም ስትሪፕ የሚያሽገው፣ አንዳንዱም እርጥበት የሚመጥ ትንሽ ከረጢት የሚጨምርበት ለዚህ ነው። ሁለት ጀነሪኮች በንጥረ ነገርም በመጠንም በዋጋም ሲመሳሰሉብኝ እኔ የምመርጠው ማሸጊያው የጠነከረውን ነው፤ የአምራቹ ስም፣ የምርት ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን በግልጽ የታተመበት፣ ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት የተገዛ ከሆነ ማለት ነው።

በጣም ርካሽ ተብሎ በወረቀት ከረጢት እየተቆጠረ የሚሰጥ 625 ግን ርካሽ አይደለም። ነጭ የነበረው ክኒን ወደ ቢጫነት ወይም ቡናማነት ከዞረ፣ ካበጠ ወይም ሲነኩት ከለሰለሰ ክላቩላኒክ አሲዱ ተበላሽቷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ያኔ እናትየዋ የጥምረቱን ዋጋ ከፍላ የምትውጠው ባዶውን አሞክሲሲሊን ሊሆን ይችላል፤ ኢንዛይም የሚያመነጨው ባክቴሪያም ይተርፋል። እንዲህ ያለውን ሳይወስዱ ወደ ገዙበት መመለስ ነው። በደህና ስትሪፕ የተገዛውንም ቢሆን «እንዳልረሳ» ብሎ አስቀድሞ ፈልፍሎ በሌላ ዕቃ ማስቀመጥ አይገባም፤ እያንዳንዱ ክኒን ከአሉሚኒየሙ የሚወጣው ሊዋጥ ሲል፣ ምግብ ሊጀመር ሲል ነው።