በአንድ አምፑል ውስጥ የሚደበቅ ስህተት

ለአዋቂ ሰው በሚሰጥ መርፌ ላይ አሥር እጥፍ መሳሳት ቀላል አይደለም። አንድ አምፑል በሚበቃበት ቦታ አሥር አምፑል መስበር ይጠይቃል፤ ገና ሦስተኛው ላይ ነርሷ ራሷ ትነቃለች፣ ካልሆነም አጠገቧ ያለ ባልደረባ ይጠይቃታል። አራስ ልጅ ላይ ግን ይህ ጥበቃ የለም። ትክክለኛው መጠንም ሆነ አሥር እጥፉ ከአንድ አምፑል ይወጣል፣ በአንድ ሲሪንጅም ይያዛል። የነርሲንግ ተማሪዎች የሕፃናትን የመድኃኒት ስሌት ደጋግመው እንዲሠሩ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ስሌቱ ራሱ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው። ይህ ልጅ ስንት ሚሊግራም ያስፈልገዋል? ያ ሚሊግራምስ በስንት ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ይገኛል? የመጀመሪያው መልስ ከልጁ ክብደት ይመጣል፤ ሁለተኛው በእጅ ካለው አምፑል ላይ ከተጻፈው። ብዙው ስህተት የሚፈጠረው ሁለቱ ሲምታቱ ነው።

የመጀመሪያው ልምምድ እነሆ። በከባድ የሳንባ ምች የተኛ፣ 8 ኪሎ የሚመዝን የ10 ወር ሕፃን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው የሕፃናት ሕክምና የኪስ መጽሐፍ መሠረት ለዚህ ሕመም ጄንታማይሲን ለእያንዳንዱ ኪሎ 7.5 ሚሊግራም ሆኖ በቀን አንዴ ይሰጣል። 8 በ7.5 ሲባዛ 60 ሚሊግራም ነው። አሁን አምፑሉን ማንበብ ያስፈልጋል። «80 ሚሊግራም በ2 ሚሊ ሊትር» ይላል፤ ማለትም በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ 40 ሚሊግራም አለ። 60 ለ40 ሲካፈል 1.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል።

ችግሩ ጄንታማይሲን በሌላ መጠንም መኖሩ ነው። ለሕፃናት ተብሎ የሚዘጋጀው አምፑል «20 ሚሊግራም በ2 ሚሊ ሊትር» ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊግራም ብቻ። ከእሱ ቢሆን ኖሮ ለዚሁ ልጅ 6 ሚሊ ሊትር ይቀዳ ነበር። ትናንት በ20ው ያሰላች ተማሪ ዛሬ መደርደሪያው ላይ 80ውን አግኝታ የትናንቱን 6 ሚሊ ሊትር ብትቀዳ ልጁ 240 ሚሊግራም ይወስዳል፤ ከሚገባው አራት እጥፍ። ጄንታማይሲን ሲበዛ ኩላሊትንና የመስማት ችሎታን የሚጎዳ መድኃኒት ነው፤ የመስማት ጉዳቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይመለስም።

ይህን የሚይዝ አንድ ፍተሻ አለ፤ ተማሪዎች ሌላውን ቢረሱ እንኳ ይህን እንዳይረሱ አጥብቄ እፈልጋለሁ። ስሌቱን ከኋላ ወደ ፊት መሥራት ነው። ሲሪንጁ ውስጥ ያለውን ሚሊ ሊትር፣ አምፑሉ ላይ እንደገና ካነበቡት የሚሊግራም ቁጥር ጋር አባዝቶ ለልጁ ክብደት ማካፈል። 1.5 በ40 ሲባዛ 60፣ ለ8 ሲካፈል 7.5። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። የተሳሳተው 6 ሚሊ ሊትር ቢሆን ግን 240 ለ8 ተካፍሎ 30 ይወጣ ነበር። «እንደገና ካነበቡት» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ቁጥሩን ከአምፑሉ ሳይሆን ከራሱ ወረቀት የሚገለብጥ ሰው ስህተቱንም አብሮ ይገለብጠዋል።

ይኸው ልጅ አምፒሲሊንም ታዞለታል፤ ለኪሎ 50 ሚሊግራም በየ6 ሰዓቱ። 8 በ50፣ 400 ሚሊግራም። አንዳንድ መጻሕፍት ይህንኑ «በቀን 200 ሚሊግራም ለኪሎ፣ ለአራት ተከፍሎ» ብለው ይጽፉታል። 8 በ200 ሲባዛ 1600 ነው፤ ለአራት ማካፈል የረሳ ሰው የቀኑን ሙሉ በአንድ ጊዜ ይሰጣል። እዚህ ላይ ግን ብልቃጡ ያስጠነቅቃል፤ 1600 ሚሊግራም ለማግኘት ባለ 500ውን ከሦስት በላይ መክፈት ያስፈልጋል። ለአንድ ሕፃን ለአንድ ጊዜ መርፌ ሁለተኛ ብልቃጥ ማንሳት ካስፈለገ እጅን ሰብስቦ ትዕዛዙን እንደገና ማንበብ ተገቢ ነው።

አምፒሲሊን ዱቄት በመሆኑ ሌላም ወጥመድ አለበት። ዱቄቱ ራሱ ቦታ ይይዛል። በዚያው የኪስ መጽሐፍ ባለ 500 ሚሊግራሙ ብልቃጥ 2.1 ሚሊ ሊትር ውኃ ሲጨመርበት የሚወጣው ፈሳሽ 2.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ስለዚህ በአንድ ሚሊ ሊትር 200 ሚሊግራም፣ ለልጁም 2 ሚሊ ሊትር። ፈሳሹ 2.1 ነው ብሎ ያሰላ ተማሪ 1.7 ገደማ ይቀዳል፤ ልጁ የሚያገኘው 340 ሚሊግራም አካባቢ ብቻ ይሆናል። ማነስም ስህተት ነው፤ ድምፅ ስለሌለው ብቻ ቀላል መስሎ ይታያል። የሚጨመረው ውኃ ልክ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ የብልቃጡን መመሪያ ማየት ግድ ነው።

አሁን ወደ አራሷ እንሂድ። የ3 ቀን ልጅ ናት፤ ክብደቷ 2.4 ኪሎ። ከ2.5 ኪሎ በታች ለሚወለዱ በመጀመሪያው ሳምንት ጄንታማይሲን ለኪሎ 3 ሚሊግራም በቀን አንዴ ነው። 2.4 በ3፣ 7.2 ሚሊግራም። ከባለ 80ው አምፑል ከሆነ 7.2 ለ40 ተካፍሎ 0.18 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ነጥቧ አንድ ቦታ ብትንሸራተት 1.8 ይሆናል። አምፑሉ 2 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ 1.8ቱ ያለ ምንም ችግር ይወጣል፤ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ልጅቷ ግን 72 ሚሊግራም ወሰደች ማለት ነው። የኋላ ስሌቱ ይህንንም ይይዘዋል፤ 72 ለ2.4 ሲካፈል 30 ነው፣ መሆን የነበረበት 3።

0.18 ሚሊ ሊትርን በ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ በትክክል መቅዳት አይቻልም። ስለዚህ 2 ሚሊ ሊትሩን አምፑል በንጹሕ ውኃ እስከ 8 ሚሊ ሊትር ማቅጠን ይመከራል። 80 ሚሊግራም በ8፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 10፤ የልጅቷ ድርሻ 0.72 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ በደንብ ይለካል። «እስከ 8» ማለት ግን 6 መጨመር ነው። 8 የጨመረ ሰው 10 ሚሊ ሊትር ይዞ ይቀራል፤ ልጅቷም ከሚገባት አንድ አምስተኛውን ታጣለች። ሲጻፍም ከነጥቡ በፊት ዜሮው አይቀርም፤ ነጥቡ ከደበዘዘ .18 የሚለው 18 ሆኖ ይነበባል። በተቃራኒው 2 ብሎ መጻፍ ሲቻል 2.0 መጻፍ 20 ሆኖ እንዲነበብ በር ይከፍታል።

የኋላ ስሌቱ የማይዘው አንድ ስህተት አለ፤ የተሳሳተ ክብደት። የ10 ወሩ ልጅ ካርድ ላይ 8 በ18 ቢቀየር ሁሉም ቁጥር እርስ በርሱ ይስማማል፤ ስምምነቱ ግን የሌላ ልጅ ነው። ስለዚህ ክብደቱን በዕድሜ መመዘን ያስፈልጋል። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ልጅ የወሩን ቁጥር ላይ 9 ጨምሮ ለ2 ማካፈል ግምቱን ይሰጣል። 10 ሲደመር 9፣ ለ2፣ 9.5 ኪሎ። የታመመ ልጅ 8 ቢመዝን አይገርምም። 18 ኪሎ ግን የአምስት ዓመት ልጅ ክብደት ነው። ግምቱ ለመጠርጠር እንጂ ለማዘዝ አይደለም፤ ሚዛን ባለበት ሁሉ ልጁ ዛሬ መመዘን አለበት።

የሁለተኛ ነርስ ፍተሻም የሚጠቅመው በአንድ መንገድ ሲሠራ ነው። «1.5 ነው፣ አይደል?» ተብላ የተጠየቀች ባልደረባ ብዙ ጊዜ «አዎ» ትላለች። ካርዱና አምፑሉ ብቻ ተሰጥቷት፣ መልሱን ሳታይ ራሷ ካሰላች ግን ያኔ ሁለት ስሌት አለ። ካልተስማሙ ሲሪንጁ ትሪው ላይ ይቀመጣል፤ ሁለቱም ከክብደቱ ጀምረው እንደገና ይሠራሉ።