ደጅ ጥናት ያልሆነ ደብዳቤ

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ውስጥ ለሚሠራ ሰው፣ በራሱ መሥሪያ ቤት ለዕድገት ተወዳድሮ ቃለ መጠይቅ መግባት እንግዳ ሰዎች ፊት እንደ መቅረብ አይደለም። ጠያቂዎቹ ጠዋት ጠዋት ሰላም የሚላቸው ኃላፊዎች ናቸው። አንደኛው የዕቁብ ጓደኛው፣ ሌላዋ የልጁ ጓደኛ እናት ልትሆን ትችላለች። ችግሩ የሚመጣው በማግስቱ ነው። ዝም ቢል ቦታውን እንደማይፈልገው እንዳይቆጠርበት ይሰጋል። ቢሮ ለቢሮ ቢዞር ደግሞ «ደጅ መጥናት ጀመረ» ይባላል።

ከሁለቱ የሚሻለው አጭር ደብዳቤ ነው። ነገር ግን ከውጭ መጥቶ የተወዳደረ ሰው ከሚጽፈው የምስጋና ደብዳቤ የተለየ መሆን አለበት። የውጭው ተወዳዳሪ እንዳይረሳ ራሱን ያስታውሳል። የውስጡን ግን የሚረሳው የለም፤ ማህደሩ እዚያው ነው፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤቱም ይታወቃል። ስለዚህ ስንት ዓመት እንዳገለገለ ወይም ምን ያህል ታታሪ እንደሆነ ቢጽፍ ጠያቂዎቹ የሚያውቁትን መልሶ መንገር ይሆንበታል።

ጠያቂዎቹ የሚጎድሏቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ በቃለ መጠይቁ ላይ በግማሽ የቀረ መልስ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ በአፍ የማይጠየቅ ሥጋት ነው፤ «እሱን ወደ ላይ ብናወጣው አሁን የያዘውን ሥራ ማን ይሸፍነዋል?» የሚል። ከውስጥ የሚያድግ ሰው አንድ ክፍት ቦታ ሲሞላ ሌላ ይከፍታል። አንዳንድ ኃላፊ ጎበዝ ሠራተኛውን ለዕድገት የማይደግፈው በምቀኝነት ሳይሆን በዚህ ጭንቀት ነው። ደብዳቤው ለእነዚህ ለሁለቱ ብቻ ከመለሰ ሥራውን ጨርሷል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ፍኖተ ሰላም ባለ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ውስጥ የምትሠራ የግብይት ባለሙያ ለግብይት ቡድን መሪነት ተወዳደረች እንበል። ከጠያቂዎቹ አንዱ «በቆሎውን በታኅሣሥ ገዝተን ዋጋ እስኪወጣ እስከ ክረምት ብናቆየው ያዋጣናል?» ብለው ጠየቋት። እሷም የዋጋውን ልዩነት፣ የመጋዘኑን ወጪና የባንክ ወለዱን አስረዳች። ከወጣች በኋላ ግን አንድ ነገር እንደዘለለች ትዝ አላት። በቆሎው ሲደርቅ ክብደቱ ይቀንሳል።

ይህን በቁጥር ማሳየት ይቻላል። በቆሎ ለረጅም ጊዜ እንዲከማች እርጥበቱ ከ13.5 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ዩኒየኑ 15.5 በመቶ እርጥበት ያለው 1,000 ኩንታል ተረክቦ እስከ 13.5 በመቶ ቢያደርቀው፣ የሚተንነው ውኃ ብቻ ወደ 23 ኩንታል ይመዝናል። የሚሸጠው እንግዲህ 1,000 ሳይሆን 977 ኩንታል ገደማ ነው። ነቀዝና ብክነት ገና አልተቆጠሩም። በማግስቱ ጠዋት ለጠያቂ ቡድኑ ሰብሳቢ የምትጽፈው ደብዳቤ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ትናንት ለግብይት ቡድን መሪነት ለነበረን ቃለ መጠይቅ ጊዜ ሰጥታችሁ ስላነጋገራችሁኝ አመሰግናለሁ። በቆሎን እስከ ክረምት ስለማቆየት ስመልስ የክብደት ቅነሳውን አላነሳሁም። በ15.5 በመቶ እርጥበት የተረከብነው 1,000 ኩንታል ወደ 13.5 በመቶ ሲደርቅ ወደ 977 ኩንታል ይወርዳል። ስለዚህ የሚያዋጣ መሆኑን የማሰላው በዚህ መጠን ነው። ለቦታው ከተመረጥኩ፣ አሁን በእጄ ያሉትን የመሠረታዊ ማኅበራት ውሎች በሁለት ሳምንት ውስጥ በዝርዝር አስረክባለሁ። በዚህም ላይ ከቅርብ ኃላፊዬ ጋር ተነጋግረናል። ተጨማሪ ማብራሪያ ካስፈለገ ዝግጁ ነኝ።»

ደብዳቤው ይኸው ነው። ስህተቷን አላለባበሰችም፤ ለይቅርታም አልተንበረከከችም። የጎደለውን ሞልታ አለፈች። የመጨረሻዎቹ ዓረፍተ ነገሮች ግን ቅድመ ሁኔታ አላቸው። ከቅርብ ኃላፊዋ ጋር በእርግጥ መነጋገር አለባት። ኃላፊዋ የርክክቡን ዕቅድ ከሌላ ሰው አፍ ቢሰሙት ደብዳቤው ከመጥቀም ይልቅ ይጎዳታል። የዘለለችው ነገር ከሌለ ደግሞ የምታርመው ነገር መፍጠር የለባትም፤ ምስጋናውና የርክክቡ ጉዳይ ብቻ ይበቃሉ።

ከደብዳቤው መቅረት ያለባቸውም አሉ። የሌላ ተወዳዳሪ ስም አይነሳም። ቦታውን የለቀቁት ሰው ድክመትም እንዲሁ፤ ጠያቂው ነገ ስለ እኔስ ምን ይል ይሆን ብሎ ያስባል። የደመወዝ ጉዳይ ቦታው ከተሰጠ በኋላ የሚነሳ ነው። «ሌላ መሥሪያ ቤት ጠርቶኛል» የሚለው ደግሞ እውነት እንኳ ቢሆን በዚህ ደረጃ እንደ ማስፈራሪያ ይነበባል።

አላላኩም ራሱ ይናገራል። በመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ለሰብሳቢው ተልኮ ለሰው ሀብት ክፍል ግልባጭ ቢደረግ በቂ ነው። ለዋና ሥራ አስኪያጁ ግልባጭ ማድረግ ከበላይ እንደ መጫን ይቆጠራል። ለእያንዳንዱ ጠያቂ ማታ በቴሌግራም የሚላክ መልእክት ደግሞ፣ ቃላቱ ምንም ቢያምሩ፣ ከደጅ ጥናት አይለይም። በትንሽ ከተማ ጠያቂዎቹን ገበያ ላይም ለቅሶ ላይም ማግኘት አይቀርም። እዚያ ሰላምታ ብቻ ነው፤ የቤተሰብ አባል በስም ጠርቶ «የእሷን ነገር አደራ» እንዳይል ቀድሞ ቤት ውስጥ መነጋገር ያስፈልጋል።

አንድ ገደብ ግን አለ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የደረጃ ዕድገት በተቀመጠ መመዘኛ ነጥብ ተሰጥቶ፣ በኮሚቴ ታይቶ ነው የሚወሰነው። ነጥብ ከተያዘ በኋላ መልስ የሚያርም ደብዳቤ ውጤቱን አይለውጥም፤ ተጽዕኖ ለማሳደር እንደተሞከረም ሊታይ ይችላል። እዚያ የሚጻፍ ነገር ካለ ለሰው ሀብት ክፍል የሚቀርብ አንድ ጥያቄ ነው፤ ውጤቱ መቼ ይገለጻል? ደብዳቤው ይበልጥ ቦታ የሚኖረው በግል ድርጅት፣ በባንክ፣ በዩኒየንና መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶች ነው። እዚያም ቢሆን አስቀድሞ የመሥሪያ ቤቱን የዕድገት መመሪያ ወይም የኅብረት ስምምነቱን ማንበብ ይበጃል።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ውጤቱ መቼ እንደሚታወቅ ከቃለ መጠይቁ ሳይወጡ መጠየቅ ጥሩ ነው። የተባለው ቀን ካለፈ አምስት የሥራ ቀን ያህል ታግሶ አንድ ጊዜ በጽሑፍ መጠየቅ ያስኬዳል። መዘግየቱ ሁልጊዜ መጥፎ ምልክት አይደለም። ቃለ ጉባኤው ሳይፈረም፣ የሚያጸድቁት ኃላፊም ለመስክ ወጥተው ሊሆን ይችላል።

ቦታው ለሌላ ከተሰጠ ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች እንዳይቀላቀሉ መጠንቀቅ ይገባል። አንደኛው «በየትኛው መመዘኛ እንዳነስኩ ቢነገረኝ ለሚቀጥለው እዘጋጃለሁ» የሚል ጥያቄ ነው፤ ለሰብሳቢው ይጻፋል። ሁለተኛው ቅሬታ ነው። ቅሬታ የሚጻፈው አሠራሩ እንደተጣሰ የሚያሳይ ነገር ሲኖር ነው፤ ለምሳሌ ማስታወቂያው ላይ የሌለ መመዘኛ ሲጨመር። እሱ የራሱ የጊዜ ገደብ ስላለው መመሪያውን አይቶ፣ በመዝገብ ቤት በኩል ቁጥርና ቀን አሰጥቶ ይገባል። ጥያቄውን በቅሬታ ቋንቋ የጻፈ መልስ አያገኝም፤ ቅሬታውን በጥያቄ ለዛ የጻፈ ደግሞ ቀኑ ያልፍበታል።